ሙቅ ውኃው የጠፋው ከጀርባ ነው

ሐዋሳ ያለ አንድ ሆቴል ነው። ስሙን አልጠራም፤ ባለቤቱ እስካሁን ይደውልልኛል።

ቢሯችን ለእንግዶች ሆቴል ይይዛል። በየሆቴሉ ገጽ ላይ «ያረፉበት ምን አሉ?» የምትል ሦስት ዓረፍተ ነገር አለች። እሷን የምጽፈው እኔ ነኝ። ለዚህኛው ሆቴል 140 ገደማ አስተያየት ነበረኝ፣ አማካዩ 4.1 ኮከብ። አማካይ ብዙ አይነግርም። ግማሹ አምስት ሰጥቶ አመስግኖ ይሄዳል፣ የተናደደው አንድ ሰጥቶ ይሄዳል፤ ቁም ነገሩን የምታገኘው ሦስት ኮከብ የሰጠው ሰው ጋ ነው።

ኤክሴል ከፈትኩ። ለአንድ ሰው አንድ መስመር፤ ዓምዶቹ ሠራተኛ፣ ቁርስ፣ ንጽሕና፣ ውኃ፣ ጫጫታ። ያመሰገነበት ላይ መደመር፣ ያማረረበት ላይ መቀነስ፣ ያላነሳውን ባዶ። ባዶው ምስጋና አይደለም፣ ቅሬታም አይደለም። ሰውየው ስለ ሻወሩ አንድ ገጽ ቢጽፍም የሚቆጠረው አንዴ ነው። እንዲህ ካልተደረገ የሚያሸንፈው ቁጣው የረዘመ ሰው ነው፤ አንብበህ ስትጨርስ ጭንቅላትህ ውስጥ የሚቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ።

ቡኪንግ በሚባለው የሆቴል መያዣ ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የወደዱትና ያልወደዱት መጻፊያው ለየብቻ ነው። ክፍት ቦታ ያየ ሰው መሙላት ይወዳል። «ትራሱ ትንሽ ከፍ ይላል»፣ «ምንም»፣ «ቀኑ አጠረብኝ»። ይህንን ሁሉ ቅሬታ ብዬ ብቆጥር ሐዋሳ ውስጥ የሚታደርበት ሆቴል አይኖርም።

ዋናው ጉዳይ ውኃው ነበር። ስለ ሙቅ ውኃ 26 ሰው ጽፏል፤ 22ቱ አማርረዋል፣ አራቱ አመስግነዋል። እንዴት በአንድ ቤት? መልሼ አነበብኳቸው። ካማረሩት 17ቱ ያረፉት የጀርባው ሕንፃ ላይ መሆኑን ራሳቸው ጽፈዋል፤ የቀሩት አምስቱ የት እንዳረፉ አይታወቅም። ያመሰገኑት አራቱም ከሐይቁ ጎን ናቸው። ጀነሬተር የለም የሚሉትም ነበሩ፤ ግን ሁሉም የቆዩ ናቸው፣ ከተገዛ በኋላ አንድም ሰው አላነሳውም። ተውኩት።

የጻፍኩት ይህን ነው፦ «እንግዶች ከሁሉም በላይ የሚያመሰግኑት የሠራተኞቹን መስተንግዶና ሐይቁን እያዩ የሚበሉትን ቁርስ ነው። በጀርባው ሕንፃ ያረፉ በርካታ ሰዎች ጠዋት ሙቅ ውኃ እንዳጡ ጽፈዋል፤ ከሐይቁ ጎን ካረፉት ግን ይህ ቅሬታ እምብዛም አይሰማም። ቅዳሜና እሁድ የሠርግ ሙዚቃ እንቅልፍ እንደነሳቸው የጠቀሱም ጥቂቶች አሉ።» እምብዛም ያልኩት ለነዚያ አምስት ሰዎች ብዬ ነው።

በማግስቱ ስልክ ጮኸ።

«ልጄ፣ መቶ ሰው አመስግኖኝ የሃያውን ትጽፊያለሽ?»

«ጋሼ፣ የመቶውም አለ። መጀመሪያ ላይ ነው።»

«ለመቶው አንድ መስመር፣ ለጥቂቱ ሁለት! ምን ዓይነት ሒሳብ ነው?»

እውነት ለመናገር ጥያቄው ጥሩ ነበር። ምስጋናው ቤቱን ሙሉ ስለሚመለከት በአንድ መስመር ያልቃል። የውኃው ነገር ግን የት እንደሆነ ካልተነገረ የሐይቁ ጎን ክፍሎችም አብረው ይታማሉ። ይህንን አስረዳኋቸው። ዝም አሉ። ከዚያ አለቃዬ ጋ ደወሉ።

አለቃዬ የሳቸውን ዓረፍተ ነገር ይዞ መጣ፦ «አልፎ አልፎ የውኃ ግፊት መለዋወጥ ሊያጋጥም ይችላል።» ከ140ው ሰው ስለ ግፊት ያነሳ የለም። «ታዲያ 'አንዳንዶች ወደውታል፣ አንዳንዶች አልወደዱትም' በይና ገላግይን» አለኝ። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር የትኛውም ሆቴል ላይ ይሠራል፤ አስተያየቱ ሳይነበብም መጻፍ ይቻላል። አለቃዬ ብዙ ሪፖርት የሚጽፈው እንደዚያ ስለሆነ ግር አላለውም።

አሥራ ሰባቱን መስመር ቀድቼ ለጋሼ ላክሁላቸው፣ ከነቀኑ። መልስ የለም። የኔም ጽሑፍ እንዳለ ቀረ።

በሚቀጥለው ወር አዲስ የዋጋ ዝርዝር ላኩ። የሐይቁ ጎን ክፍሎች ጨምረዋል። ምክንያቱን ስጠይቅ የሪሴፕሽኗ ልጅ ሳቀች፤ «እንግዳው ሁሉ የናንተን አንብቦ እሱን ነው የሚጠይቀው» አለችኝ። የጀርባው ቦይለርስ? እሱን አልነካነውም አለች።

ጋሼ አሁን የሚደውሉት ሊያመሰግኑኝ ነው። በቅርቡ ከጀርባው ሕንፃ አንድ አስተያየት ገባ፦ «ሙቅ ውኃ የለም፤ አለመኖሩንም ማንም አልነገረኝም፤ ዋጋው ግን ተስማምቶኛል።» ውኃ የሚለው ዓምድ ላይ መቀነስ አደረግሁ። የሰጠው ኮከብ አራት ነው።