በሙቀት የተሳበበ ክፍለ ጊዜ

በድሬዳዋ አንድ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የከሰዓት ፈረቃ፣ ስድስተኛ ክፍል፣ ሒሳብ። ርዕሱ ታህታቸው የተለያየ ክፍልፋዮችን መደመር። እኔ የትምህርት ክፍሉ ተጠሪና የአዲሷ መምህርት አማካሪ ነበርኩ። በዓመት 60 ሰዓት ከሚጠበቅብን ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ ውስጥ እሷ የመረጠችው የራስን ትምህርት በማስታወሻ መመርመር ነበር።

የተጠቀመችበት ግራሃም ጊብስ በ1988 እ.ኤ.አ. ያቀረበውን ባለ ስድስት እርከን ዑደት ነው፦ ገለጻ፣ ስሜት፣ ግምገማ፣ ትንተና፣ መደምደሚያ፣ የተግባር ዕቅድ። ገለጻው ገጽ ሙሉ ነው። ስሜቱም አልተቆጠበም፤ «ተስፋ ቆረጥኩ» ይላል። በግምገማው «አብዛኞቹ መልመጃውን ተሳሳቱ» ብላለች። ትንተናው ግን አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ «ከምሳ በኋላ ስለሆነና ስለሚሞቅ ተማሪዎቹ አልተከታተሉም»። ዕቅዷም «ደግሜ አስተምራለሁ» የሚል ነው።

የድሬዳዋን ሙቀት ማንም አይክድም፤ እኔም ጠመኔ ይዤ ላብ የጠረግሁ ሰው ነኝ። ነገር ግን ሙቀት የሚያሳስተው እንደየተማሪው ነው፤ አንዱ ይዘላል፣ ሌላው ይደናገራል፣ ሌላው ሳይጨርስ ይተወዋል። ስለዚህ ስህተቱ ምን ዓይነት እንደነበር ጠየቅኋት። ማስታወሻው ውስጥ አልነበረም። የጊብስ ዑደት የሚደክመው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግምገማና ትንተና ለየብቻ ይቀመጡ እንጂ ጸሐፊው ራሱ ያላየውን ነገር ከየት እንደሚያመጣ አይነግረውም። የትንተናው መስመር ግምገማውን በሌላ ቃል ከደገመ፣ ወይም ሰበቡ ለማንኛውም ቀንና ለማንኛውም ርዕስ የሚሠራ ከሆነ፣ ትንተና አልተሠራም ማለት ነው።

ያንኑ ክፍለ ጊዜ በሌላ መንገድ እንድትጽፈው ተስማማን። መጀመሪያ የሞከረችው ሦስቱን ጥያቄዎች ነበር፦ ምን ሆነ? ታዲያ ምን ያሳያል? አሁንስ ምን ይደረግ? ቴሪ ቦርተን በ1970 እ.ኤ.አ. ያነሳቸው፣ በኋላ ሮልፍና ባልደረቦቹ ለነርሶች ያስፋፏቸው ናቸው። በአሥር ደቂቃ ጨረሰች። አጭር ነው፣ ንጹሕ ነው፤ በመካከለኛው ጥያቄ ሥር ግን ያው ሙቀት ተመልሶ ተቀመጠ።

ከዚያ ስቲቨን ብሩክፊልድ በ1995 እ.ኤ.አ. ወዳቀረባቸው አራት መነጽሮች ሄድን፦ የራስ ተሞክሮ፣ የተማሪዎች ዓይን፣ የባልደረቦች እይታ፣ ጥናትና ጽሑፍ። በተማሪዎች ዓይን ለማየት ደብተሮችን ሰበሰበች። ሁሉንም አይደለም፤ ክፍሉ ብዙ ተማሪ ስላለው ከየረድፉ ጥቂት ወሰደች። ከተሳሳቱት የሚበዙት አንድ ዓይነት መልስ ጽፈው ነበር፦ 1/2 + 1/3 = 2/5። ላዕል ከላዕል፣ ታህት ከታህት። ፍዝ የሆነ ክፍል እንዲህ በአንድ ቃል አይሳሳትም፤ ይህ ደንብ የተከተለ ስህተት ነው።

ደንቡን ከየት አመጡት? አንዲት ተማሪ ጠርታ ስትጠይቃት ልጅቷ የፈተና ወረቀቷን አውጥታ አሳየቻት። «ቲቸር፣ እርስዎም እንዲህ ነው የደመሩልኝ» አለቻት። በቀይ እስክሪብቶ 6/10 እና 13/20 ተጽፎ ከሥሩ 19/30 ሰፍሯል።

ልጅቷ ትክክል ናት። ነጥብ ሲደመር ሙሉው አብሮ ያድጋል፤ አሥሩና ሃያው ሠላሳ ይሆናሉ። ክፍልፋይ ሲደመር ግን ሙሉው ያው አንድ ነው፤ የአንድ እንጀራ ግማሽና ሲሶ ሲደመሩ ሁለት እንጀራ አይሆኑም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ምልክት ተጽፈው ለልጆቹ ልዩነታቸውን የነገራቸው አልነበረም። እኔም የባልደረባ መነጽር ሆኜ የጨመርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ 2/5 ከ1/2 ያንሳል፤ ጨምረን እንዴት አነሰ ብላ ታስጀምራቸው።

አዲሱ ዕቅዷ «ደግሜ አስተምራለሁ» አይልም። መጀመሪያ 2/5 እና 1/2ን በእኩል የወረቀት ቁራጮች አስተያይታ ልጆቹ ራሳቸው እንዲገረሙ ታደርጋለች፤ ከዚያ ወረቀቱን በስድስት አጥፈው 3/6 እና 2/6 መሆናቸውን፣ ድምሩም 5/6 መሆኑን ያያሉ። የፈተና ነጥብም ከዚህ በኋላ «6 ከ10» ተብሎ ይጻፋል።

እንዲህ ስል መነጽሮቹ ሁልጊዜ ይሻላሉ ማለቴ አይደለም። ደብተር መሰብሰብና ተማሪ ማነጋገር ጊዜ ይበላል፤ በየቀኑ የሚሞክረው መምህር በሳምንቱ ይተወዋል። ጊብስም ስሜትን ቀድሞ ስለሚያስወጣ ክፍል ውስጥ ለተናደደ ሰው ይጠቅማል። ባልደረባዬ አሁን በየቀኑ በሦስቱ ጥያቄዎች ጥቂት መስመር ትጽፋለች፤ ያው ሰበብ ደግሞ ሲመጣባት ብቻ ደብተር ትሰበስባለች። ለማኅደሯ የሚገባው በጊብስ ቅጽ የተሞላው ነው፤ ስለ ቀዩ እስክሪብቶ የጻፈችውን ገጽ ግን ለሒሳብ መምህራን ስብሰባ አምጥታ አነበበችልን።