ቢጫው ግድግዳ የት ገባ?

ጣና ዳር ለሚሠራ አንድ የእንግዳ ማረፊያ የአርክቴክቸር ድሮዊንግ ጨርሰን በዚያው ቀን ማዘጋጃ ቤት መግባት ነበረበትና፣ ጀማሪው ልጅ የካድ ፋይሉን በፍላሽ ይዞ ጊዮርጊስ አካባቢ ወዳለ ፕሪንት ቤት ሄደ። ትንሽ ቆይቶ ደወለልኝ፣ «ጋሼ፣ ግድግዳው አልወጣም» አለኝ። ግድግዳ ደሞ እንዴት ነው ማይወጣው ብዬ ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አዙሬ ሳየው ግድግዳው አለ፣ ግን ቢጫ ነው፣ ያውም ቀጭን ቢጫ። ስክሪን ላይ ጥቁር ጀርባ ስላለው ከሁሉም ቀድሞ ሚታየው እሱ ነበር፣ ነጭ ወረቀት ላይ ሲሆን ግን አይን ይፈልገዋል። እኛ ቢሮ ቢጫ ማለት የተቆረጠ ግድግዳ ነው፣ በጥቁር 0.50 ሚሊ ይወጣል፣ ቀይ ደሞ 0.18። ይሄን ሚያውቀው ግን ድሮዊንጉ ሳይሆን የትኛው ከለር በምን ቀለምና ውፍረት እንደሚታተም ሚወስነው የቢሯችን የ.ctb ፋይል ነው። የአውቶካዱ dwg ፋይል ውስጥ ያለው የctbው ስም ብቻ ነው እንጂ ፋይሉ ራሱ አብሮ አይሄድም። ፕሪንት ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የፕሎት መስኮቱን ስንከፍተው ስሙ ፊት Missing ይላል፣ ያ ማለት ምንም ስታይል እንዳልተመረጠ ቆጥሮ እያንዳንዱን በራሱ ከለር አትሞታል።

የፕሪንት ቤቷ ልጅ፣ «ጋሼ እኛ ጋ ሁሌ monochrome.ctb ነው፣ ላርግላችሁ?» አለችና አደረገች። አሁን ሁሉም ጠቁሯል፣ ግን ከመጀመሪያው ባሰ። monochrome ከለሩን ወደ ጥቁር ይቀይራል እንጂ ውፍረቱን አይነካም፣ Use object lineweight ነው ሚለው፣ የኛ ሌየሮች ደሞ ላይንዌይታቸው Default ነው፣ እሱም ካልቀየሩት 0.25 ነው። ስለዚህ ግድግዳውም፣ ወንበሩም፣ የዳይሜንሽን መስመሩም እኩል 0.25 ሆኖ ቁጭ። እኛ ጋ ሳሳ ብሎ ሚወጣው የመታጠቢያ ቤቱ የታይል ሃች እዚህ ጥቁር ጥልፍልፍ ሆኖ ግድግዳውን ውጦታል። ሩቅ ሆኖ ላየው ሰው ሻወሩ ነው ዋናው ግድግዳ ሚመስለው።

መፍትሄው ቀላል ነው፣ ctbውን ማምጣት። STYLESMANAGER ብሎ ሲጻፍ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ፋይሉን እዚያ ኮፒ ማድረግ ነው፤ ወይ ከመጀመሪያው በETRANSMIT ጠቅልሎ መላክ። እኔ ግን ሰው ኮምፒውተር ላይ ፋይል መጨመር ብዙም አይመቸኝም፣ ቢሮ ያለችውን ልጅ ደውዬ በኛው ctb ፒዲኤፍ አውጥታ በቴሌግራም ላከችልን።

ውፍረቱ ተስተካከለ፣ ግን ሌላ ጣጣ መጣ፣ የቀኝ ጫፉ ተቆረጠ፣ የታይትል ብሎኩ የዳር መስመር የለም። ፒዲኤፉ የወጣው በፉል ብሊድ A1 ነው፣ ማለትም 841 በ594 ሙሉውን፣ ፍሬማችን ደሞ ከጫፉ 5 ሚሊ ብቻ ነው ሚርቀው፤ ፕሎተሩ ግን ጫፍ ድረስ ቀለም አይረጭም። ልጅቷ ቶሎ ብላ Fit አደረገችው፣ ፍሬሙ ሙሉ ወጣ። «አለቀ» አለ ልጁ። ማስመሪያ አምጣ አልኩትና የ1፡50ውን ስኬል ባር ለካን፣ 5 ሜትሩ 100 ሚሊ መሆን ሲገባው 97 ነው። ማዘጋጃ ቤት ደሞ በስኬል ማስመሪያ ሚለካ ሰው አይጠፋም። እንደገና ቢሮ ደወልን፣ ፍሬሙን ወደ ውስጥ 20 ሚሊ አስገብታ ስኬሉን የያዘውን ቪውፖርት ሳትነካ ሌላ ፒዲኤፍ ላከች፣ እኛም Actual size አድርገን አወጣነው፣ ባሩ 100 መጣ።

ይሄም ሆኖ ሳይት ፕላኑ ላይ የሐይቁ ዳር ኮንቱር ደብዛው ጠፍቷል። ሁሉም በctbው ጠቁሮ እሱ ብቻ ለምን ፈዘዘ? ኮንቱሩ ከሰርቬየሩ ፋይል የመጣ ነው፣ ፕሮፐርቲስ ላይ ከለሩ እንደኛ አንድ ቁጥር ሳይሆን 200,200,200 ይላል፣ ትሩ ከለር ነው ማለት ነው። ctb ሚያውቀው ከ1 እስከ 255 ያሉትን ቁጥሮች ብቻ ስለሆነ ትሩ ከለርን ወደ ጥቁር አይቀይረውም፣ በራሱ ግራጫ ይወጣል፣ monochrome ብታደርገውም ያው ነው። የቢሮዋ ልጅ የኮንቱሩን ሌየር ከለር 8 አድርጋ መስመሮቹን በSETBYLAYER ወደ ByLayer መለሰቻቸው፣ 8 ደሞ እኛ ctb ላይ ጥቁር 0.18 ነውና ያቺን አንድ ሺት ብቻ ደግመን አሳተምን።