በግል ስም ወይስ በባለ አንድ አባል ማህበር? የባልትና ሥራ ፈቃድ ያወጣሁበት መንገድ

ብቻውን ንግድ ለሚጀምር ሰው ዛሬ ሁለት መንገድ አለ። አንዱ የቆየው ነው፤ በራስ ስም ተመዝግቦ ግለሰብ ነጋዴ መሆን። ሁለተኛው በ2013 ዓ.ም. ከወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) ጋር የመጣው ባለ አንድ አባል ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ነው። ከዚያ በፊት ኃ.የተ.የግ.ማ. ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ግድ ስለነበር፣ የወንድሙን ወይም የባለቤቱን ስም ለይስሙላ አስገብቶ የሚያቋቁመው ብዙ ነበር። አሁን ያ አያስፈልግም። እኔ ግን አዲስ አበባ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም አዘጋጅቶ ለሚሸጥ አነስተኛ የባልትና ሥራ ፈቃድ ሳወጣ የመረጥኩት የመጀመሪያውን መንገድ ነው።

ማህበር የሚመረጠው በዋናነት ዕዳን ለመገደብ ነው። ግለሰብ ነጋዴ ዕዳ ሲገባ የሱቁና የቤቱ ንብረት አይለይም፤ ባለትዳር ከሆነም ጉዳዩ የጋራ ንብረትን ሊነካ ይችላል። ማህበር ግን የራሱ ሰውነት፣ የራሱ የግብር መለያ ቁጥርና የራሱ የባንክ ሒሳብ አለው። ስለዚህ ራሴን የጠየቅሁት “የማንን ዕዳ ነው የምሸከመው?” ብዬ ነው። በርበሬውን የምገዛው መርካቶ በርበሬ በረንዳ በእጅ በእጅ ነው፤ በዱቤ የሚሰጠኝ አቅራቢ የለም። ብድር ብፈልግ ደግሞ ባንኩ አነስተኛ ማህበርን በማህበሩ ንብረት ብቻ አያበድርም፤ የባለቤቱን የግል ዋስትና ወይም ቤት ይጠይቃል። ያኔ የኃላፊነቱ መገደብ ለዚያ ብድር ትርጉም ያጣል። በዱቤ ዕቃ የሚቀበል፣ ውል ፈርሞ ለሆቴሎች የሚያቀርብ ወይም ሠራተኛ ሊጎዳ የሚችል ማሽን ያለው ሰው ግን ስሌቱ ይለወጥበታል፤ እሱ ማህበር ቢያቋቁም እኔም እስማማለሁ።

ሁለተኛው ሚዛን ግብር ነው። ማህበር ሽያጩ የቱንም ያህል ቢያንስ የ“ሀ” ግብር ከፋይ ነው፤ የተሟላ የሒሳብ መዝገብ ይይዛል፣ ትርፉ ላይ ከመጀመሪያዋ ብር ጀምሮ 30 በመቶ ይከፍላል። 200,000 ብር ያተረፈ ማህበር 60,000 ብር ይከፍልና 140,000 ይቀረዋል፤ ባለቤቱ ያንን እንደ ትርፍ ድርሻ ወደ ኪሱ ሲያወጣ እንደገና የትርፍ ድርሻ ግብር ይነሳበታል። ግለሰብ ነጋዴ ግን የሚመደበው በዓመታዊ ሽያጩ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ (አዋጅ ቁጥር 1395/2017) ድንበሩን 2 ሚሊዮን ብር አድርጎታል፤ ከዚያ በታች የሚሸጥ ግለሰብ “ለ” ውስጥ ይገባል፣ አያያዙም ይቀላል። ለጀማሪ ባልትና ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፤ ለሒሳብ ባለሙያ የሚከፈለው ብቻ የአንድ ሠራተኛ ደመወዝ ያህላልና። በአንጻሩ ማህበር ለሥራ አስኪያጁ፣ ማለትም ለባለቤቱ ደመወዝ ከፍሎ በወጪ ሊይዘው ይችላል፤ ግለሰብ ነጋዴ ለራሱ የከፈለውን በወጪ አይይዝም። ንግዱ ሲያድግ ይህ ሚዛኑን ወደ ማህበሩ ያዘነብላል።

ማህበሩን ለሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። የሚቋቋመው በመስራቹ በአንድ ወገን በሚሰጥ መግለጫ ነው፤ መግለጫው በሰነዶች ማረጋገጫ ይረጋገጣል፣ መስራቹ ቢሞት ወይም ችሎታ ቢያጣ የሚተካውን ሰውም ይሰይማል። ያንን ሰው አስቀድሞ አነጋግሮ መሄድ ይሻላል፤ መስኮት ፊት ቆሞ ስም ማሰብ አይመችም። ከተቋቋመ በኋላም የሱቁን ገንዘብ ከኪስ ጋር የሚያደባልቅ ባለቤት፣ ፍርድ ቤት ሲደርስ ያ ከለላ ሊነሳበት እንደሚችል ይወቅ።

ከቅርጹ ይልቅ ብዙ ሰው የሚወድቀው የንግድ ሥራ መደብ ኮዱ ላይ ነው። ፈቃድ የሚሰጠው “ለንግድ” በደፈናው አይደለም፤ ለተወሰነ መደብ ነው። የብቃት ማረጋገጫ ያስፈልጋል አያስፈልግም፣ ማን ይሰጠዋል፣ ቤቱ ምን ማሟላት አለበት የሚለውን ሁሉ የሚወስነው ያ ኮድ ነው። ባልትና ላይ ጉዳዩ ይወሳሰባል። የተዘጋጀ በርበሬ ገዝቶ መልሶ መሸጥ ችርቻሮ ነው። በርበሬ ቀንጥሶ፣ አድርቆና ቀምሞ በራስ ወፍጮ መፍጨት ማምረት ነው። መካከል ላይ ያለው ነው አስቸጋሪው፤ ቅመሙን እኔ አዘጋጅቼ ሰፈር ወፍጮ ቤት አስፈጭቼ በራሴ ስም አሽጌ ብሸጥስ? ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ስሄድ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው እንጂ “የባልትና ፈቃድ ምን ያስፈልጋል?” ብዬ አይደለም። በደፈናው የጠየቀ በደፈናው ይመለስለታል፤ ብዙ ጊዜም ለኦፊሰሩ የቀለለው ኮድ ይሞላለታል። ከዚያ ቁጥጥር ሲመጣ ፈቃዱ ላይ ችርቻሮ፣ ቤቱ ውስጥ ወፍጮ ይገኛል፤ ይህ ከፈቃድ ውጭ መሥራት ነው፣ ሱቅም ያሳሽጋል።

ማምረት ከሆነ የብቃት ማረጋገጫው ከፈቃዱ ይቀድማል። ምግብ ስለሆነ በከተማ ደረጃ ጉዳዩን የሚያየው የአዲስ አበባ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ባለሙያዎቹ ቤቱን መጥተው ያያሉ። የሚያተኩሩት ወለልና ግድግዳው ሊታጠብ መቻሉ፣ ውኃና መጸዳጃ መኖሩ፣ ጥሬው ከተዘጋጀው መለየቱ፣ ሠራተኞች የጤና ምርመራ ማድረጋቸው ላይ ነው። የጥሬ በርበሬው ጆንያ ገብቶ የታሸገው በዚያው በር የሚወጣበት አንድ ክፍል ሱቅ እዚህ ላይ ይቸገራል። መፍትሔው ማስፋት ብቻ አይደለም፤ መስመሩን በአንድ አቅጣጫ ማስኬድ፣ ማለትም ማራገፊያውን በአንድ በኩል፣ ማሸጊያውን በሌላው አድርጎ በመካከል መከፋፈል ነው።

ለዚህ ነው ቤት ሳይከራዩ ባለሙያ መጠየቅ ያለበት። የኪራይ ውል ከመፈረሜ በፊት ያጣራሁት ሦስት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ ቤቱ ለንግድና ለማምረት ይፈቀዳል ወይ የሚለው ነው፤ ከመኖሪያ በታች ባለ የኮንዶሚኒየም ንግድ ቤት በርበሬ መፍጨት ሕጉ ባይከለክለው እንኳ ከላይ ያሉት ሰዎች ሲያስነጥሱ ውለው አቤቱታ ይዘው ይመጣሉ። ሁለተኛው መብራት ነው፤ ጠንከር ያለ ወፍጮ ሦስት ፌዝ ይፈልጋል፣ የአከራዩ ቆጣሪ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ፌዝ ነው፤ ማስቀየሩ ደግሞ የአከራዩን ፈቃድና ጊዜ ይጠይቃል። ሦስተኛው ወረቀቱ ነው። የአከራዩ ስም በካርታው ላይ ካለው ጋር በፊደል መግጠም አለበት፤ ወረዳውና የቤት ቁጥሩም እንደዚሁ። ካርታው በሟች አባት ስም ሆኖ የሚያከራየው ልጅ ከሆነ የወራሽነት ወረቀት ወይም ውክልና ይጠየቃል፤ ከሌለ ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ላይ ይቆማል። ሲረጋገጥ የሚከፈለው የቴምብር ቀረጥ በውሉ በተጻፈው ኪራይ ስለሚሰላ አከራዩ ዝቅ አድርገን እንጻፍ ሊል ይችላል። አይስማሙ፤ ያልተጻፈውን ኪራይ በኋላ በወጪ ማስያዝ አይቻልም።

የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ቀላሉ ክፍል ነው፤ አንድ ወጥመድ ግን አለው። በደመወዝ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ቁጥሩ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ወጥቶለታል። ለአንድ ሰው የሚሰጠው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ አዲስ ልውሰድ ብሎ አሻራ ሲሰጥ ሲስተሙ አሮጌውን ያወጣበታል። የቀድሞ መሥሪያ ቤትን የሰው ኃይል ክፍል ጠይቆ ያለውን ቁጥር ይዞ ወደ ንግድ ማዛወር ያዋጣል። በመታወቂያው፣ በፋይዳና በመለያ ቁጥሩ ያለው ስም በአንዲት ፊደል ከተለያየም ማስተካከያው አሁን ይሁን፤ በኋላ ሦስት ቦታ ያስኬዳል።

ከዚያ etrade.gov.et ላይ አካውንት ተከፍቶ ማመልከቻው ይሞላል። እዚያ ሦስት የተለያዩ ነገሮች አሉ፤ ሰዎች ያምታቷቸዋል። ንግድ ምዝገባው የነጋዴው ነው፤ አንዴ ከተመዘገቡ ሌላ ሥራ ወይም ሌላ ክልል ሲከፍቱ እንደገና አይመዘገቡም። ፈቃዱ የሥራው ነው፤ ለየመደቡ ይወጣል፣ በየዓመቱም ይታደሳል። የንግድ ስሙ ደግሞ የሱቁ መጠሪያ ነው፤ በራስ ሙሉ ስም መነገድ ስለሚቻል የግድ አይደለም። ስም ያስመዘገበ ሰው ግን ስሙ በከረጢት ላይ የተጠበቀለት አይምሰለው፤ ማሸጊያው ላይ ለሚታተመው ምልክት ጥበቃ የሚሰጠው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። ብዙ ከረጢት ከማሳተም በፊት እዚያ ተመሳሳይ ምልክት እንዳለ ማጣራት ይገባል።

ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሲገባ መጀመሪያ የማነበው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን የዜጎች ቻርተር ነው፤ ለየአገልግሎቱ የሚጠየቀው ሰነድና የሚወስደው ጊዜ እዚያ አለ። ፎቶ አንስቼ ነው ወደ መስኮቱ የምቀርበው። “እባክዎ፣ ይህ ወረቀት የሚጠየቀው በየትኛው መመሪያ ነው?” ብሎ በትሕትና መጠየቅ ሰው አያስቆጣም፤ ልማድ የሆነውን ከግዴታው ይለያል። ንግድ ጽሕፈት ቤት ላይ የምጠይቀው ኮዱን፣ ቀዳሚ ብቃት ማረጋገጫውንና በኋላ ወፍጮ ብጨምር ፈቃዱን ማሻሻል ይበቃ እንደሆነ ነው። ገቢዎች ላይ ደግሞ የግብር ግዴታዬ የሚጀምረው ከምዝገባው ቀን ነው ወይስ ከሽያጩ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ያስፈልገኛል ወይ፣ ደረሰኝ የማሳተመው በማን ፈቃድ ነው የሚሉትን። የመለሰልኝን ሰው የሥራ መደብና ቀኑን ጽፌ እይዛለሁ፤ ሌላ ቀን ሌላ ኦፊሰር የተለየ ቢለኝ የማነሳው እሱን ነው።

ለገቢዎች የማነሳው የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የግብር ግዴታው መቼ ይጀምራል የሚለው፣ እንደዋዛ አይታይ። ፈቃድ አውጥቶ ቤቱን ሲያድስ ስድስት ወር የቆየ ሰው “ምን ሸጬ” ብሎ ሳያሳውቅ ይቀራል፤ ሽያጭ ባይኖርም አለመኖሩን ማሳወቅ ግን ግዴታ ነው፣ ቅጣቱም ይቆጥራል። ይህ የሚታየው ፈቃድ ሲታደስ ነው። እድሳቱ ያለ ቅጣት ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ሲሆን የግብር ክሊራንስ ይፈልጋል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ሰልፉም ኔትወርኩም ስለሚከፋ እኔ ግብሩን እንደከፈልኩ ክሊራንሱን ወስጄ ወዲያው አሳድሳለሁ። ሥራው ካልሆነም ሱቁን ቆልፎ መሄድ ፈቃዱን አይዘጋውም፤ ክሊራንስ ወስዶ ፈቃዱን መልሶ የስረዛ ደብዳቤ መቀበል ያስፈልጋል።