ወፍራሙ ገመድ

ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል። ስልጠናው 2:30 ላይ ይጀመራል፤ ሰዓቱ 2 ከሩብ ሆኗል። ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው።

ላፕቶፑ ከታይፕ ሲ ሌላ ቀዳዳ የለውም። ሞኒተሩም ታይፕ ሲ ይቀበላል። ስለዚህ ከቻርጀሩ ጋር የመጣውን ባለ 100 ዋት ወፍራም ገመድ ሰካሁ። ላፕቶፑ ወዲያው ከሞኒተሩ ቻርጅ ማድረግ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን No Signal ነው።

ቻርጅ ማድረጉ ነው ያሞኘኝ። ኃይል ካለፈ ገመዱ ደህና ነው አልኩ። ሞኒተሩን አጠፋሁ፣ አበራሁ። ላፕቶፑን ሪስታርት አደረግኩ። ወደ ድራይቨር ልገባ ስል አብራኝ የምትሠራው ልጅ መጣች።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የቻርጀር ገመድ ነው።»

«ታዲያ ምን ሆነ? ውፍረቱን አታይም?»

መልስም አልሰጠችኝ። ከኤክስተርናል ኤስኤስዲዋ ላይ ከስንዝር ትንሽ የምትበልጥ ገመድ ነቅላ ሰካች። ምስሉ መጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሁለቱን ጫፎች በስልክ መብራት አየናቸው። በእሷ ገመድ ጫፍ ውስጥ ጥቃቅኖቹ ጥርሶች ጥግግት ብለው ተደርድረዋል። የኔው ላይ ከዳር ሁለተኛውና ሦስተኛው ቦታ ባዶ ነው፤ በሌላውም ዳር እንዲሁ። ፈጣን ዳታና ምስል የሚያልፉት በእነዚህ በኩል ነው። የኔው ገመድ ያለው የኃይል መስመርና በሰከንድ 480 ሜጋቢት የሚያሳልፍ የድሮው ዩኤስቢ 2 መስመር ብቻ ነው። ውፍረቱ ለኤሌክትሪኩ ነው፤ ከምስል ጋር አይገናኝም። ባለ 240 ዋት ሆኖ በዳታ በኩል እንደዚሁ የሆነም አለ።

ጥርሱ ከጎደለ ነገሩ አለቀ። ከሞላ ግን ውስጡ ሽቦ አለ ማለት አይደለም። ያንን የሚለየው ሙከራ ነው።

ማታ የቀኑን ቪዲዮ፣ 60 ጊጋባይት፣ ወደ ኤስኤስዲው ገለበጥን። በወፍራሙ ጀመርኩ፤ በሰከንድ 40 ሜጋባይት ላይ ተጣብቆ ቀረ። በዚህ አያያዝ 25 ደቂቃ ነው። አቋርጬ በአጭሯ ሞከርኩ፤ ሻዩ ሳይቀርብ አለቀ።

በማግስቱ ፒያሳ አንድ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ሁለት ሜትር ገመድ አወጣ።

«ኦሪጅናል ነው፣ ፋስት ነው!»

«ምኑ ነው ፋስት?»

«ቻርጁ ነዋ!»

ላፕቶፔንና ኤስኤስዲውን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁ። አንድ ፋይል ስገለብጥ ያው 40 ሆነ። ልጁ ሳቀና ከመሳቢያ 10 ጊጋቢት የተጻፈበት አንድ ሜትር ገመድ አመጣ። ዋጋው እጥፍ ነው። ይኸኛው ፈጠነ፣ ከሞኒተሩም ጋር ሠራ። ላፕቶፕህ ምስል በታይፕ ሲ የማያወጣ ከሆነ ግን ይሄም አያድንህም፤ ሁሉም ቀዳዳ ምስል አይሰጥም።

ወፍራሙ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ልጅቷ ነጭ ፕላስተር ጠቅልላ በእስክሪብቶ «ቻርጅ ብቻ፣ ጋሼ» ብላ ጽፋበታለች።