የ400 ደንበኞች አስተያየት እንዴት አንድ ገጽ ላይ ገባ

የደንበኞችን አስተያየት «አዎንታዊ፣ አሉታዊ፣ ገለልተኛ» ብላችሁ በሦስት ሳጥን ልትከፍሉ ካሰባችሁ፣ እባካችሁ ከመጀመራችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ለእኔ አስቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥራውን የሠራሁት ሀዋሳ ውስጥ፣ ሐይቁ አካባቢ የዓሳ ቤት ላላቸው የቤተሰባችን ወዳጅ ነው። እትዬ ነው የምላቸው። ቅዳሜና እሁድ ቤቱ ከአዲስ አበባ በሚመጣ እንግዳ ይሞላል። እሳቸው ግን «አንዴ የመጣው ብዙው አይመለስም» የሚል ስጋት ነበራቸው። ወጥ ቤቱ ስለሚዘገይ ነው ብለው ገምተው ሁለተኛ ወጥ ቤት ሠራተኛ ሊቀጥሩ አስበዋል። ከመቅጠራቸው በፊት ሰው ምን እንደሚል ላጣራላቸው ተስማማን።

መሰብሰቡ ቀላል ነው። አስተያየቱ ሦስት ቦታ ነበር፦ ጎግል ማፕ ላይ፣ በቤቱ ቴሌግራም፣ እና ሂሳብ መክፈያው ጋ ባለው የአስተያየት መዝገብ። ሁሉንም ወደ ጎግል ሺት ገለበጥኩ። ለእያንዳንዱ አስተያየት ቁጥር፣ ምንጭ፣ ኮከብ፣ ቀንና ጽሑፍ አስገባሁ። የሰው ስምና ስልክ አላስገባሁም። ከ400 በላይ ነበር። ኮከብ ብቻ ሰጥተው ምንም ያልጻፉትን ለብቻ አስቀመጥኩ። የተደጋገሙትንና ስማችን ስለሚመሳሰል ለሌላ ቤት ተጽፈው እኛ ጋ የመጡትን አወጣሁ። የቀረው 300 ገደማ ነው።

ስለ ቀን አንድ ነገር ልበል። ጎግል ማፕ ትክክለኛውን ቀን አያሳይም፤ «ከሦስት ሳምንት በፊት»፣ «ከአንድ ዓመት በፊት» ነው የሚለው። መዝገቡ ላይ ያለው ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ነው። ስለዚህ ሁለቱን ቀላቅላችሁ በወር በወር ለማወዳደር አትድከሙ። እኔ «ባለፈው አንድ ዓመት» እና «ከዚያ በፊት» ብዬ ብቻ ከፈልኩ። ለዚህ ሥራ ይበቃል።

አጻጻፉም ያስቸግራል። አንዱ «አሳ» ይላል፣ ሌላው «ዓሣ»፣ ሌላው «ዓሳ»፣ ወጣቱ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል ይጽፈዋል። አንዱን ቃል ብቻ ፈልጋችሁ ብትቆጥሩ ከፊሉ ይቀራል። ዋናውን ጽሑፍ ሳትነኩ ጎኑ ባለው አምድ ላይ ፊደሉን አንድ አድርጉት። ጽሑፉ E ላይ ካለ፦

```
=SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(E2,"ሣ","ሳ"),"ዓ","አ"),"ዐ","አ")
```

በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈውን አማርኛ ግን ቁጭ ብሎ ከማንበብ ውጭ መላ አላገኘሁለትም። በሲዳምኛ የተጻፉትን ጥቂቶች ቋንቋው አፍ መፍቻው የሆነ ጎረቤት አነበበልኝ።

አሁን ወዳናደደኝ ነገር ልምጣ።

እትዬ ለአነስተኛ ነጋዴዎች በተሰጠ አንድ ስልጠና ላይ የታደለ ቅጽ ነበራቸው። ማህተም ያለበት፣ ቆንጆ ተደርጎ የታተመ። ቅጹ ለእያንዳንዱ አስተያየት አንድ ምልክት ብቻ አድርጉ ይላል፤ አዎንታዊ፣ አሉታዊ ወይም ገለልተኛ። ከዚያ በመቶኛ አስልቶ ክብ ሥዕል መሥራት። እሳቸው «ባለሙያ ያዘጋጀው ነው» ስላሉ እንደ ቅጹ ሠራሁላቸው። ከአራቱ ሦስት የሚሆነው አስተያየት አዎንታዊ ወጣ። ክቡ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። እትዬ አይተው ደስ አላቸው፣ ወዲያው ደግሞ ግራ ገባቸው። «ይሄ ሁሉ ሰው ከወደደን ለምን አይመለስም?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ልክ ነበር። መልሱም ቅጹ አረንጓዴ ባለው ውስጥ ተቀብሮ ነበር።

አንድ አስተያየት ልውሰድ። ሰውየው አምስት ኮከብ ሰጥቷል። እንዲህ ይላል፦ «ዓሳው በጣም ይጣፍጣል፣ ቦታውም ያምራል። ግን ካዘዝን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆሮሶ አልቋል አሉን። ልጆች ይዘን ነበር። ለማንኛውም እናመሰግናለን።»

ይህን በየትኛው ሳጥን ታስገቡታላችሁ? በቅጹ መሠረት አዎንታዊ ነው፤ ኮከቡም ምስጋናውም ይህንኑ ይመሰክራል። ግን ይህ ሰው ልጆቹ ርቧቸው ግማሽ ሰዓት ቁጭ ብሎ የጠበቀው ለሌለ ምግብ ነው። የእኛ ሰው ደግሞ ወቀሳውን በምስጋና ከፍቶ በምስጋና ይዘጋል። ፊት ለፊት መናገር ይከብደዋል፣ እንጀራውን ያበላሸሁበት ይመስለዋል። ስለዚህ ዋናው ነገር ያለው መሐል ላይ፣ «ግን» ከምትለው ቃል በኋላ ነው። አንድ ምልክት ብቻ የሚፈቅድ ቅጽ ያንን መሐል ይጥለዋል።

ስልጠናውን ለሰጠው ሰው ደውዬ ጠየቅኩት። «ለነጋዴው ቀላል እንዲሆን ነው» አለኝ። ቀላልነቱ ለሚቆጥረው ነው። ከዚያ ክብ ሥዕል ተነስቶ ሰው የሚቀጥረውና ደመወዝ የሚከፍለው ግን ነጋዴው ነው፣ የሚከስረውም እሱ። እስካሁን ሳስበው ያበሳጨኛል።

ስለዚህ ቅጹን ትቼ እንደ አዲስ ጀመርኩ። በዚህኛው ሥራ እኮራለሁ። የምቆጥረውን ነገር ለወጥኩት፤ አስተያየቱን ሳይሆን በውስጡ ያለውን እያንዳንዱን ሐሳብ። ሌላ ገጽ ከፍቼ አንዱን አስተያየት ወደ ሐሳቦች በተንኩት። እያንዳንዱ ሐሳብ አንድ መስመር ይይዛል፤ የአስተያየቱ ቁጥር፣ ሐሳቡ፣ ምንጩ፣ ርዕሱ፣ ከዚያ ስሜቱ። ለስሜቱ 1፣ 0 ወይም -1 ጻፍኩ። የላይኛው ሰውዬ እንዲህ ሆነ፦ ጣዕም 1፣ ቦታ 1፣ «ማለቁን ዘግይቶ መንገር» -1። «ልጆች ይዘን ነበር» የሚለው የቅሬታውን ክብደት ስለሚነግር ከሦስተኛው ጋር ቆየ። «እናመሰግናለን» ጨዋነት ስለሆነ አልተቆጠረም። ይህችን ደንብ አጥብቃችሁ ያዙ። ምስጋናውን ሁሉ እንደ ውዴታ ከቆጠራችሁ ሁሉም ቤት ጥሩ ቤት ይሆናል።

ርዕሶቹን ከቅጽ አትቅዱ። «አገልግሎት» የሚባል ርዕስ ለምንም አይጠቅምም፤ ባለቤቱ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ አይነግረውም። እኔ የመጀመሪያዎቹን 50 አስተያየቶች ያለ ምንም ርዕስ አነበብኩ። ከዚያ ርዕሶቹን ከራሳቸው ከሰዎቹ አነጋገር አወጣሁ። «መዘግየት» ብዬ የጀመርኩት በኋላ ለአራት ተከፈለ፦ አስተናጋጅ ቶሎ አለመምጣት፣ ምግብ መቆየት፣ ሂሳብ መቆየት፣ እና ማለቁን ዘግይቶ መንገር። «ሌላ» የሚለው ርዕስ ከአሥር አንድ ካለፈ ያልያዛችሁት ርዕስ አለ ማለት ነው፤ ተመልሳችሁ እዩት።

ስትቆጥሩ መስመር ሳይሆን ሰው ቁጠሩ። የተናደደ ሰው አንዱን ቅሬታ በአንድ አስተያየት ሦስቴ ይጽፈዋል። የአስተያየቱ ቁጥር A ላይ፣ ርዕሱ D ላይ፣ ስሜቱ E ላይ ካለ፦

```
=COUNTUNIQUEIFS(A2:A,D2:D,"ምግብ መቆየት",E2:E,-1)
```

ውጤቱ ተገለበጠ። አዎንታዊ ከተባሉት ከአምስቱ አንዱ ውስጥ ግልጽ ቅሬታ ነበር። ምግብ ቆየ ብለው ያማረሩት ግን ያሰብነውን ያህል አልነበሩም። ዓሳ በትእዛዝ እንደሚሠራ ሰው ያውቃል፣ ይታገሳል። ያልታገሰው ጠብቆ ጠብቆ «አልቋል» መባሉን ነው። ይህን ያሉት 40 ገደማ ሰዎች ነበሩ፣ ከቅሬታዎች ሁሉ የበዛው እሱ ነው። ለዚህ ደግሞ ሁለተኛ ወጥ ቤት ሠራተኛ መፍትሔ አይሆንም።

ምንጮቹን አትደባልቁ። ጎግል ማፕ ላይ የሚጽፈው አብዛኛው ከከተማው ከወጣ በኋላ የሚጽፍ እንግዳ ነው። መዝገቡ ላይ የሚጽፈው ካሸሯ ፊት ቆሞ ነው። መዝገቡ ውስጥ ስለ አስተናጋጅ ቅሬታ የለም ማለት ይቻላል፤ ጎግል ማፕ ላይ ግን ሞልቷል። ሁለቱን ደምራችሁ መካከለኛ ብታወጡ ሁለቱንም የማይወክል ቁጥር ታገኛላችሁ።

ሌላ ሰው ደግሞ እንዲያየው አድርጉ፣ እዚያ ቤት የሚሠራ ግን አይሁን። እህቴ የእኔን ሳታይ 50 አስተያየት ላይ ምልክት አደረገች። ከአምስቱ አራት ያህሉ ላይ ተስማማን። ያልተስማማንባቸው «አይከፋም»፣ «ምንም አይልም»፣ «ደህና ነው» የሚሉት ናቸው። እኔ 1 ስል እሷ -1 ትላለች። ብቻቸውን ሲቆሙ 0 ይሁኑ ብለን ደንብ አወጣንና የቀረውን በዚያው አስተካከልኩ። እንዲህ ያለ ደንብ ካልጻፋችሁ ጠዋት ላይ ያደረጋችሁት ምልክት ከማታው ጋር አይገጥምም።

ቁጥር የማይነግራችሁ ነገርም አለ። ስድስት ሰዎች ብቻ ናቸው ዓሳው ሥጋ በተጠበሰበት ዘይት ይጠበሳል ወይ ብለው የጠየቁት ወይም የጠረጠሩት። በጾም ዓሳ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ። የሚበላው ግን እዚህ ላይ አይደራደርም፤ ከጠረጠረ ዳግም አይመጣም፣ ለዘመዱም ይነግራል። በብዛት ብደረድረው ከታች ይቀር ነበር። ስለዚህ ከቁጥሩ ጎን «ይህ ሰው ተመልሶ ይመጣል?» የሚል አምድ ጨምሬ ወደ ላይ አወጣሁት።

ለእትዬ የሰጠኋቸው አንድ ገጽ ነው። ሦስት ጉዳይ፣ ለእያንዳንዱ ስንት ሰው እንዳለው፣ ከየት እንደመጣ፣ እና ሁለት ሁለት አስተያየት እንዳለ ቃል በቃል። ከታች ደግሞ «ይህን አይንኩት» የሚል መስመር፤ የዓሳ ሾርባውና የዛፉ ጥላ። ክብ ሥዕል የለም። ይህን ሁሉ ሠርቶ ሥዕል አለማስገባት ይከብዳል፣ ግን ባለቤቱ የሚያምነው የደንበኛውን ቃል ሲያነብ ነው።

እትዬ አንብበው መጀመሪያ የጠየቁኝ «ማነው ዘግይቶ የነገራቸው?» ነበር። በሦስት አስተያየት የአንድ አስተናጋጅ ስም ተጽፏል። አልነገርኳቸውም፤ ወረቀቱም ላይ አላስገባሁትም። ልጁ ወጥ ቤት ምን እንዳለቀ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። ትእዛዙን ይዞ ሲገባ ነው የሚነገረው። ይህን ሳስረዳቸው ትንሽ ዝም አሉና «እንግዲያስ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄ» አሉ።

ሠራተኛ አልቀጠሩም። በሩ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቀለ። ቆሮሶ ሲያልቅ ወጥ ቤት ያለችው ራሷ ወጥታ ትሰርዘዋለች፤ አምባዛ ካለ እሱ ይቀራል። ለዓሳ የተለየ መጥበሻና ዘይት ወጣ፣ ያም ሰሌዳው ላይ ተጻፈ። አሁን አዲስ አስተያየት ሲመጣ ካሸሯ በዚያው ሠንጠረዥ በሐሳብ በሐሳብ ታስገባለች። እኔ የማያቸው ግን 30 ያህል ሲጠራቀሙ ነው። ከዚያ በታች አንድ የተቆጣ ቤተሰብ ብቻውን ውጤቱን ስለሚገለብጠው፣ «ተሻሽሏል ወይ?» ሲሉኝ ገና ነው እላቸዋለሁ።