የጌምቦይ ካሴት ባትሪ ሲሞት ሴቩ ለምን እንደሚጠፋ፣ የእኛን እንዴት እንዳተረፍኩት

የአጎቴ ልጅ ከውጭ አገር ባሕር ዳር ሲመጣ በልጅነቱ ይጫወትባቸው የነበሩ ሁለት የጌምቦይ ካሴቶች ይዞልኝ መጣ፤ ፖኬሞን ጎልድና ፖኬሞን ሲልቨር። ሲልቨሩ ሲከፈት CONTINUE ይላል፤ ሴቩ፣ ማለትም ጨዋታው የቆመበት ቦታ፣ አለ ማለት ነው። ጎልዱ ግን ጨዋታው በደንብ እየሠራ CONTINUE የሚለው የለም፤ በ NEW GAME ነው የሚጀምረው። «የልጅነቴ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነበር እኮ፣ አታወጣልኝም?» አለኝ። የጎልዱ እንደማይወጣ ወዲያው ነገርኩት፤ ሥራዬ የሲልቨሩ ሳይጠፋ መድረስ ሆነ።

በካሴቱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ማስታወሻ አለ። ጨዋታው ራሱ ያለበት ሮም ኤሌክትሪክ ባያገኝም አይጠፋም። ሴቩ ግን የሚቀመጠው ኤስራም በሚባል ሌላ ቺፕ ላይ ነው፤ በእነዚህ ካሴቶች መጠኑ 32 ኪሎባይት ነው። እዚያ እያንዳንዷን ቢት የሚይዙት ስድስት ትራንዚስተሮች ናቸው። ሁለት ወገን ሆነው እርስ በርስ ይጠባበቃሉ፤ አንዱ ሲከፈት ሌላውን ዘግቶ ይይዘዋል። ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ቦታቸውን አይለቁም። ጌምቦዩ ሲበራ ከመሣሪያው 5 ቮልት ያገኛሉ፤ ሲጠፋ አንዲት ትንሽ ቺፕ መስመሩን ወደ 3 ቮልቷ ባትሪ ታዞረዋለች። የባትሪው ኃይል ከ2 ቮልት አካባቢ በታች ሲወርድ ቢቶቹ መያዣ ያጣሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲመለስ አንዱ ወደ ዜሮ፣ ሌላው ወደ አንድ እንደ ዕድሉ ይነሳል። ጨዋታው ደግሞ ሲከፈት የሴቩን ቁጥሮች ድምር አስልቶ ከሴቩ ጋር ከተጻፈው ድምር ጋር ያስተያያል፤ ካልገጠመ ሴቭ እንደሌለ ይቆጥረዋል። ስለዚህ ባትሪው ከሞተ በኋላ ከዚያ ቺፕ የሚቆፈር ነገር የለም።

ባትሪው ይህን ያህል ዓመት መቆየቱ ራሱ ይገርማል። ውስጡ ያለው ሲአር2025 ሲሆን ወደ 160 ሚሊአምፒር ሰዓት ይይዛል። ካሴቱ 1 ማይክሮአምፒር ብቻ ቢወስድ 160,000 ሰዓት፣ ማለትም 18 ዓመት ገደማ ይቆያል። ወደ 1.5 ከፍ ካለ 12 ዓመት ላይ ያልቃል። ጎልድና ሲልቨር ቀንና ሌሊት የምትቆጥር ሰዓት ስላለቻቸው ከቀደሙት ከሬድና ከብሉ የበለጠ ይበላሉ።

የካሴቱ ብሎን ተራ ካቻቢቴ አይገባበትም፤ 3.8 ሚሊሜትር የሆነ ልዩ መፍቻ ይፈልጋል። እኔ የእስክሪብቶ ቀፎ ጫፍ በእሳት አለስልሼ ብሎኑ ላይ ተጫንኩትና ሲቀዘቅዝ ቅርጹን ይዞ ፈታልኝ። በቴስተር ስለካ የጎልዱ ባትሪ ከ1 ቮልት በታች፣ የሲልቨሩ 2.9 ነበር። 2.9 አይቶ መዝናናት ግን አይገባም። የሊቲየም ባትሪ ዕድሜውን በሙሉ 3 ቮልት አካባቢ ቆይቶ ሊያልቅ ሲል ነው በአንዴ የሚወርደው።

ሲልቨሩን ስቀይር ኤስራሙ ለአፍታም ኤሌክትሪክ እንዳያጣ ነበር ጭንቀቴ። ሁለት ተራ የእስክሪብቶ ባትሪዎች በተከታታይ አያይዤ 3 ቮልት አወጣሁ፤ የፖዘቲቩን ሽቦ ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚያሳልፍ ዳዮድ አሳልፌ የአሮጌው ባትሪ ፖዘቲቭ ከካሴቱ ሰሌዳ ጋር በሚገናኝበት መስመር ላይ፣ ኔጋቲቩንም በኔጋቲቩ መስመር ላይ በየድኩ። ዳዮዱ የሚያስፈልገው አሮጌውን ባትሪ በስህተት ቻርጅ እንዳያደርገው ነው፤ የሚያልፈው ጅረት እጅግ ትንሽ ስለሆነ ዳዮዱ የሚቀንሰው ቮልትም አያሳስብም። ከዚያ አሮጌውን አንስቼ አዲሱን አስገባሁ፤ ሽቦዎቹን የነቀልኩት በመጨረሻ ነው። መበየጃው በጋለ ቁጥር ሶኬቱን ነቅዬ ነበር የምነካው፤ ቤታችን ያለው መስመር ኤርዝ ስለሌለው ከመበየጃው ጫፍ የሚያመልጥ ኤሌክትሪክ ኤስራሙን ሊያበላሸው ይችላል።

አዲሱ ባትሪ ከፋብሪካ ጆሮ፣ ማለትም ሰሌዳው ላይ የሚበየድ ቀጭን ብረት፣ የተያያዘለት መሆን አለበት። እዚህ ሱቅ የሚገኘው ለመኪና ሪሞት የሚሆነው ልሙጡ ነው፤ እሱ ላይ በቀጥታ መበየድ ባትሪውን ያግለዋል፣ ሊፈነዳም ይችላል። በፕላስተር ማሰር ደግሞ ካሴቱ ሲወድቅ ለቅጽበት ይለቅና ሴቩን ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ጆሮ ያለውን ከአዲስ አበባ አስልከን ጠበቅን።

የጎልዱንም ቀየርኩለት። መሥራቱን ለማወቅ ሴቭ አድርጎ ወዲያው አጥፍቶ ማብራት አይበቃም፤ ውስጡ የቀረ ኤሌክትሪክ ለጥቂት ጊዜ ሊይዘው ይችላል። እኛ ካሴቱን ከጌምቦዩ አውጥተን አሳደርነው፤ ጠዋት CONTINUE አለ። በሲልቨሩ ደግሞ የድሮዎቹ ፖኬሞኖች ሁሉ በቦታቸው ነበሩ።

ፖኬሞን ሩቢ ወይም ሳፋየር ያለው ሰው ግን ስክሪኑ ላይ The internal battery has run dry የሚል ቢያይ አይደንግጥ። በእነዚህ ሴቩ የሚቀመጠው ኤሌክትሪክ በማይፈልግ ፍላሽ ላይ ነው፤ ባትሪው የሚያንቀሳቅሰው ሰዓቱን ብቻ ስለሆነ የሚቆመው እንደ ፍሬ ማብቀል ያለው በሰዓት የሚሄድ ነገር ነው። እዚያ አሮጌውን ባትሪ ያለ ምንም ተጨማሪ ሽቦ ነቅሎ አዲስ መበየድ ይቻላል።