«አርምልኝ» ብዬ የላክሁት አንቀጽ ሌላ ሆኖ ሲመለስ

ሦስተኛው አሳይመንቴ ባለፈው ቅዳሜ ተመለሰልኝ። ከ20 17። የመጀመሪያው 8 ነበር፣ እሱንም ቢሆን በልመና ነው ያገኘሁት። በመካከል እንግሊዝኛዬ አልተሻሻለም። የተቀየረ ነገር ቢኖር የኮርሱን የኤአይ መመሪያ ቁጭ ብዬ ማንበቤ ነው። ከእኔ ጋር ለምትማሩትም፣ ሌላ ቦታ ተመሳሳይ ጣጣ ውስጥ ላላችሁም ይጠቅም ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

አዊ ውስጥ የግብርና ባለሙያ ነኝ። ዓርብ ከሥራ ስወጣ ሚኒባስ እይዛለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ ማስተርሴን እማራለሁ፣ እሁድ ማታ እመለሳለሁ። የማነበውም የምጽፈውም ከሌሊቱ 5 ሰዓት በኋላ ነው። ይህን የምናገረው ሰበብ ለማብዛት አይደለም። ስህተቶቼ ሁሉ የተሠሩት በዚያ ሰዓት ስለሆነ ነው።

የኮርስ አውትላይናችን 6 ገጽ ነው። የኤአይ ጉዳይ የመጨረሻው ገጽ ላይ አምስት ዓረፍተ ነገር ብቻ አለው። መጀመሪያ ሳየው ዓይኔ «ይፈቀዳል» የሚለው ላይ አረፈና ወረቀቱን አጠፍኩት። በኋላ ሳነበው እንዲህ ይላል፦ ሀሳብ ለማፍለቅና ለቋንቋ እርማት መጠቀም ይፈቀዳል። ከሚቀርበው ጽሑፍ ማንኛውንም ክፍል ማስረቀቅ አይፈቀድም። አወቃቀሩና ክርክሩ የተማሪው መሆን አለበት። ማንኛውም አጠቃቀም መጨረሻ ላይ ይገለጻል። ተማሪው ሲጠየቅ የቀድሞ ረቂቆቹን ማሳየት አለበት።

ሁለተኛውንና ሦስተኛውን አንድ ላይ ካላነበባችሁ አልገባችሁም ማለት ነው። እኔ «ማስረቀቅ» የሚለውን «ሙሉ ወረቀት ማስጻፍ» ብዬ ነበር የተረዳሁት። «ማንኛውንም ክፍል» ግን አንድ አንቀጽም ይሁን አንድ ዓረፍተ ነገር ክፍል ነው ማለቱ ነው። አወቃቀር ደግሞ ርዕሶቹና ቅደም ተከተላቸው ነው።

ሀሳብ ማፍለቁ ላይ የሠራሁት ጥፋት ቀላል ስለሆነ ቶሎ ልለፈው። የመጀመሪያው ወረቀቴ ስለ ዲከረንስ ነበር። እኛ ዘንድ ማሳ ላይ ተተክሎ ከአራት አምስት ዓመት በኋላ ለከሰል የሚቆረጠውን ዛፍ ማለቴ ነው። «በምን በምን በኩል ልጻፍበት?» ብዬ ጠየቅሁ፣ ስድስት ነጥብ መጣልኝ። እስከዚህ ድረስ ተፈቅዷል። ግን ስድስቱን በመጡበት ቅደም ተከተል ርዕስ አድርጌ ደረደርኳቸው። መምህራችን ከጎኑ በቀይ «ይህ አከፋፈል የማን ነው?» ብለው ጻፉበት። ምን ልበል? አሁን መጀመሪያ 15 ደቂቃ ደብተር ላይ ብቻዬን እጭራለሁ። ከዚያ መሣሪያውን «ይህን የሚቃወም ሰው ምን ይጠይቀኛል?» እላለሁ። ጥያቄዎቹን ደብተሬ ላይ አሰፍርና እዘጋዋለሁ። ስጽፍ መስኮቱ ክፍት አይሆንም። ክፍት ከሆነ ዓይን ይሰርቃል።

ያስቸገረኝ እርማቱ ነው። «የቋንቋ እርማት ይፈቀዳል» ስለሚል አንቀጼን ገልብጬ «አሻሽልልኝ» እል ነበር። የተመለሰውን ሳነበው ደግሞ ያምር ነበር! እስቲ አንዷን ዓረፍተ ነገር ላሳያችሁ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ነበሩ፣ ሀሳባቸውን በአማርኛ ላስቀምጠው።

የእኔ፦ «በቀበሌያችን ጥቂት ገበሬዎች የጤፍ ማሳቸውን ወደ ዲከረንስ ቀይረዋል። አንዱ ምክንያት የአፈሩ አሲዳማነትና የኖራ ውድነት ይመስላል።»

የተመለሰው፦ «በአካባቢው አርሶ አደሮች በአፈር መራቆት ምክንያት የጤፍ ምርትን በስፋት በመተው ወደ ዲከረንስ ተሸጋግረዋል። ይህም የቤተሰብ ገቢን ከማሳደጉም በላይ ለካርቦን ክምችት አስተዋጽኦ አድርጓል።»

ሰዋስው ነው የታረመው? አይደለም። «ጥቂት» የሚለው «በስፋት» ሆነ። እኔ ያነጋገርኩት 11 ገበሬ ነው፣ ማሳ የቀየሩት 4 ናቸው። «ቀበሌያችን» «አካባቢው» ሆነ። አሲዳማነት መራቆት ሆነ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ አንዱን በኖራ ታክመዋለህ፣ ሌላውን በኖራ አትመልሰውም። «ይመስላል» ጭራሽ ጠፋ። ገቢና ካርቦን ከየት እንደመጡ እግዜር ይወቅ። ከሁሉ የገረመኝ «የጤፍ ምርትን ትተው» የሚለው ነው። እኛ ዞን ፋግታ ለኮማ ወረዳ የሄደ ሰው ያውቃል፣ ችግኙ በተተከለበት ዓመት ጤፉ እዚያው መሃል ይዘራል። ገበሬው ማሳውን ቀየረ እንጂ ጤፍ ተወ አይባልም። ይህን ለመሥሪያ ቤት ሥራ ስንት ዓመት የተመላለስኩበት ሰው ስሜን ጽፌበት አስረከብኩት። መምህሩ «ስንት ሰው አነጋግረህ ነው በስፋት ያልከው?» ሲሉኝ አፌ ተያዘ።

ያን ቀን ነው መስመሩ የታየኝ። እርማት ሲሆን የገባውና የወጣው ሀሳብ አንድ ነው፣ ልብሱ ብቻ ይታጠባል። ከወጣው ውስጥ ያልገባ ነገር ካለ ግን መሣሪያው ረቂቅ እየጻፈ ነው። ያዘዝኩት በ«አርም» ይሁን በ«ጻፍ» ለውጥ የለውም። መመሪያው የሚጠይቀው ወረቀቱ ላይ ያረፈው የማን ነው ብሎ ነው።

ይህን በዓይን መለየት ከባድ ነው፣ በተለይ ሌሊት። የሚያምር ዓረፍተ ነገር ይሸውዳል። እኔን ያዳነኝ ወርድ ውስጥ ድሮም የነበረ ነገር ነው። ከማሳረሜ በፊት ፋይሉን «በፊት» ብዬ አስቀምጣለሁ፣ የታረመውን «በኋላ» ብዬ። ከዚያ `Review` ውስጥ `Compare` የሚለውን እጫንና ሁለቱን አስገባለሁ። የተቀየረው ሁሉ በቀለም ይወጣል። አሁን የምፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ የመጠን ቃል ተነክቷል ወይ (ጥቂት፣ ብዙ፣ አንዳንድ)፣ ምክንያት ተቀይሯል ወይ፣ እኔ ያልጠራሁት ስም ገብቷል ወይ። ከሦስቱ አንዱ ካለ ያን ዓረፍተ ነገር ወደ ድሮው እመልሰዋለሁ። አንቀጹ ከግማሽ በላይ ቀይ ከሆነ ዝርዝሩን ማየትም አያስፈልግም፣ እንዳለ እጥለዋለሁ።

ትዕዛዙም ለውጥ አለው። «አሻሽል» የሚባል ቃል ትቻለሁ። አሁን «የሰዋስው ስህተቶቹን ብቻ ቁጥር ሰጥተህ ዘርዝር፣ ዓረፍተ ነገሩን እንደገና አትጻፍ» እላለሁ። ዝርዝሩን አይቼ በእጄ አርማለሁ። ይዘገያል፣ አንድ ገጽ እስከ 40 ደቂቃ ይወስድብኛል። አብሮኝ የሚማር ጓደኛዬ «አንተ ደግሞ፣ እንዲህ ከሆነ ምኑን ተጠቀምክበት?» ይለኛል። የእሱ ዘዴ የተመለሰለትን አንብቦ በራሱ ቃል መልሶ መጻፍ ነው። እኔ አልስማማም። ሀሳቡ የሌላ ከሆነ ቃሉን መለወጥ መስመሩን አያሻግረውም፣ ዱካውን ብቻ ያጠፋል። እሱ ግን ከእኔ የተሻለ ውጤት አለው፣ ይህንንም መደበቅ አልችልም።

ሌላው መመሪያው ዝም ያለበት ጉዳይ ትርጉም ነው። ብዙዎቻችን የምናስበው በአማርኛ ነው። ሁለተኛው አሳይመንት ላይ ሁለት ገጽ በአማርኛ ጻፍኩና ሙሉውን ላስተረጉም አሰብኩ። ሀሳቡ የእኔ ነው፣ ቋንቋው ብቻ ይቀየራል፣ ስለዚህ እርማት ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ግን ከ8 በኋላ ልቤ ፈርቷል። ለመምህራችን በኢሜይል ጻፍኩላቸው፦ «መምህር፣ በአማርኛ የጻፍኩትን አንቀጽ በኤአይ ወደ እንግሊዝኛ ባስተረጉም የቋንቋ እርማት ነው ወይስ ማስረቀቅ ይሉታል?» በማግስቱ መለሱልኝ። ኮርሱ የሚመዝነው በእንግሊዝኛ መከራከርን ስለሆነ ሙሉ አንቀጽ ማስተርጎም እሳቸው ዘንድ ማስረቀቅ ነው። የቃል ወይም የሐረግ ትርጉም መፈለግ ግን ከመዝገበ ቃላት አይለይም። ሌላ መምህር ሌላ ሊል ይችላል፣ ለእሳቸው ኮርስ ግን መልሱ ይኼ ነው አሉኝ። ያንን ኢሜይል ፎልደሬ ውስጥ አስቀምጫለሁ።

እውነቱን ለመናገር ይህ መልስ አልተመቸኝም። አማርኛዬ ላይ ያለው ክርክር እንግሊዝኛዬ ላይ ሲደርስ ሲሶው ይጠፋል። ግን ጠይቄ የተነገረኝን ልጣስ? ስለዚህ አሁን አማርኛውን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ እንግሊዝኛውን አጠር አጠር አድርጌ ራሴ እጽፈዋለሁ። ዓረፍተ ነገሮቼ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ይመስላሉ። ይምሰሉ።

ረቂቅ ማስቀመጥን ግን ቸል አትበሉት። አንዳንድ መምህራን በኤአይ የተጻፈን እንለያለን የሚሉ ሶፍትዌሮችን ይጠቀማሉ። በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆኑ ሰዎች በጻፏቸው 91 የቶፍል ድርሰቶች ላይ ሰባት እንዲህ ዓይነት መለያዎችን ሲሞክሩ፣ መለያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን የማሽን ናቸው ብለዋል። ቀለል ያለ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ሳይሠራ ይጠረጠራል ማለት ነው። የዚያን ጊዜ የሚያድናችሁ «በፊት» የሚለው ፋይል ነው። የደብተሬንም ገጽ በስልክ ፎቶ አነሳዋለሁ።

የመጨረሻው ላይ የሚጻፈው መግለጫ መጀመሪያ «ኤአይ ተጠቅሜያለሁ» የምትል አንዲት መስመር ነበረች። ምንም አትናገርም። የ17ቱ ወረቀት ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው፦ «ርዕሱን ከመረጥኩ በኋላ ተቃራኒ ጥያቄዎችን ለማሰብ ተጠቅሜያለሁ፤ ከስድስቱ ሁለቱ በክፍል 3 ተመልሰዋል። በክፍል 2 እና 4 የሰዋስው ስህተት አስዘርዝሬ ራሴ አርሜያለሁ። ርዕሶቹን፣ ክርክሩንና ዓረፍተ ነገሮቹን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ረቂቆቹ አሉኝ።» ከዚህ ጋር የመሣሪያውን ስምና ቀኑን ጨመርኩ። መምህሩ ከሥሩ ያሰመሩት «ከስድስቱ ሁለቱ» የሚለውን ነው።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ይከነክነኛል። የሦስተኛው አሳይመንት መደምደሚያ ላይ ሌሊት 7 ሰዓት ሲሆን ደክሞኝ «አሻሽል» ብዬ ነበር። `Compare` ሳደርገው ሙሉው ቀይ ሆነ። አንዲት ሐረግ ግን በጣም ወደድኳትና ተውኳት። መግለጫው ላይ አላስገባኋትም። ከ17ቱ ውስጥ ያቺ ሐረግ ስንት እንዳላት አላውቅም።

የሚቀጥለው ኮርስ አውትላይን ትናንት በቴሌግራም ተላከልን። የኤአይ መመሪያው አንድ መስመር ነው፦ «ተማሪዎች በኃላፊነት ይጠቀሙ።» ለአዲሱ መምህር ሦስት ጥያቄ ጽፌ ልኬያለሁ፦ አስተዋጽኦ ማውጣት፣ ትርጉምና የአንቀጽ እርማት። እስካሁን አልመለሱልኝም።